ሁለት የተማሪ ዝርዝር በኤክሴል ሳነጻጽር የጎደሉት ቁጥር አልገጥም አለኝ (62 ተመዝጋቢ፣ 58 ተፈታኝ)

መምህርት ዘ7ለ

ሰላም ለሁላችሁ። የ7ኛ ለ ሆምሩም መምህር ነኝ። አንድ የኤክሴል ፋይል ላይ ሁለት ሺት አለኝ። «ምዝገባ» በሚለው ላይ የ62 ተማሪዎች ስም አለ፤ B ላይ ስም፣ C ላይ የአባት ስም፣ D ላይ የአያት ስም፣ ከረድፍ 2 እስከ 63። «ፈተና» በሚለው ላይ ደግሞ በሚድ ፈተና ቀን ፈታኞች የጻፉት 58 ስም አለ፤ ስምና የአባት ስም አንድ ላይ B ውስጥ ነው፣ ከረድፍ 2 እስከ 59። የአያት ስም የለውም።

62 ሲቀነስ 58 አራት ነው፤ ስለዚህ አራት ልጆች ቀርተዋል ማለት ነው። የማን ስም እንደሆነ ለማወቅ በምዝገባው ሺት E2 ላይ ይህን ጻፍኩና ወደ ታች ጎተትኩት፦

```
=COUNTIF('ፈተና'!B2:B59,B2&" "&C2)
```

ዜሮ ያወጣው ግን 31 ልጅ ላይ ነው! ግማሹ ክፍል ሊቀር አይችልም። ምን አጠፋሁ? ሰኞ ለዩኒት ሊደሯ የቀሪዎችን ስም ማስገባት አለብኝ።

---

ዳዊት ዘሰሚት

መምህርት፣ ፎርሙላ ምን ያደርግልሻል? ሁለቱንም ዝርዝር ጎን ለጎን አንድ ሺት ላይ ፔስት አድርጊ፣ ሁለቱን ኮለም ምረጪ፣ ከዚያ Conditional Formatting ገብተሽ Duplicate Values በይው። በሁለቱም ያለው ስም ቀይ ይሆናል፤ ነጭ ሆኖ የቀረው የጎደለው ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

---

ጋሽ ሰንጠረዥ

ሰላም መምህርት። የተጠቀሙበት ፎርሙላ መንገዱ ትክክል ነው፤ የጎደለው የዶላር ምልክት ነው። ፎርሙላውን ወደ ታች ሲጎትቱት B2 ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበት ክልልም አብሮ ይወርዳል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ B3:B60 ይሆናል፣ ሃያኛው ላይ B20:B77። ሁለቱም ዝርዝሮች በፊደል ተራ የተደረደሩ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ አንድ ልጅ በቀረ ቁጥር ከሱ በታች ያሉት ስሞች በፈተናው ሺት ላይ አንድ ረድፍ ከፍ ይላሉ፣ ፎርሙላው ደግሞ ያንን ከፍ ያለውን ረድፍ አልፎ ነው መፈለግ የሚጀምረው። ልጁ ከዓይኑ ሥር እያለ «የለም» ይላል።

እንዲህ ያድርጉት፦

```
=COUNTIF('ፈተና'!$B$2:$B$59,B2&" "&C2)
```

E63 ላይ ሄደው ሴሉን ይጫኑት። ክልሉ አሁንም $B$2:$B$59 ከሆነ ልክ ነው። የዜሮዎቹን ብዛት ንገሩኝና እንቀጥላለን፤ አራት እንደማይሆን ግን ከወዲሁ እገምታለሁ።

ዳዊት፣ የቀለሙ መንገድ መጀመሪያ ዓይን ለመጣል ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ አይሠራም። በምዝገባው ላይ ስሙና የአባት ስሙ በተለያየ ሴል ስለሆኑ «ሀና» ከሚለው ሴል ጋር «ሀና ተስፋዬ» አይገናኝም፤ ሁሉም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስሞቹ በአንድ ሴል ቢሆኑ እንኳ አንድ ቀዳዳ አለው፦ አንድ ስም በአንዱ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ሁለት ጊዜ ቢጻፍም ቀይ ይሆናል። የቀረ ልጅ ምዝገባው ላይ በስህተት ሁለቴ ከገባ «አለ» ተብሎ ያልፋል ማለት ነው።

---

መምህርት ዘ7ለ

አመሰግናለሁ ጋሼ! ዶላሩን አስገብቼ 31ዱ ወደ 19 ወረደ። አሁንም ግን ብዙ ነው። ከ19ኙ ውስጥ አንዷ «ብርቱካን አለሙ» ናት፤ በሁለቱም ሺት ላይ በዓይኔ እያየኋት ዜሮ ይላታል። ፊደሉ አንድ ነው፣ ምንም ልዩነት የለውም።

---

ትንሣኤ

VLOOKUP ሞክሪ። COUNTIF አንዳንዴ አማርኛ ላይ ያስቸግራል። `=VLOOKUP(B2&" "&C2,'ፈተና'!B:B,1)` በይው፣ ያልተገኘውን #N/A ይልሻል።

---

ጋሽ ሰንጠረዥ

ትንሣኤ፣ VLOOKUP ይሠራል፤ ግን በዚህ መልኩ ከተጻፈ አይደለም። መጨረሻ ላይ FALSE ካልተጨመረበት ኤክሴል «ተቀራራቢውን አምጣ» ብሎ ይረዳዋል። የቀረ ልጅ ሲያጋጥመው #N/A በማለት ፈንታ በፊደል ተራ ከሱ በፊት ያለውን የሌላ ልጅ ስም ያመጣል፣ ዝርዝሩ ካልተደረደረ ደግሞ የሚያመጣው ነገር አይታወቅም። ቀሪ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚብስ ስህተት የለም፤ ሁሉም ተገኝተዋል የሚል መልስ ነው የሚሰጠው። `,1,FALSE)` ሲሆን ደህና ነው። አማርኛ መሆኑም ለCOUNTIF ችግር አይደለም።

መምህርት፣ ብርቱካን ላይ ያለው ነገር ክፍት ቦታ ነው። ከአንዱ ሴል ስም በኋላ የማይታይ ስፔስ ተጭኗል፣ ወይም በስምና በአባት ስም መሐል ሁለት ስፔስ አለ። ለማረጋገጥ አንድ ባዶ ሴል ላይ የፊደሉን ብዛት ያስቆጥሩት፦

```
=LEN('ፈተና'!B9)
```

9 የሚለው ቦታ ላይ የብርቱካንን ረድፍ ያስገቡ። «ብርቱካን አለሙ» አምስት ፊደል፣ አንድ ስፔስ፣ ሦስት ፊደል ነው፤ 9 መሆን አለበት። 10 ወይም 11 ካለ ትርፍ አለ።

TRIM ትርፍ ስፔስን ያነሳል፤ ከቴሌግራም ወይም ከድረ ገጽ ተገልብጦ የመጣን ስም ግን ሁልጊዜ አያጸዳም፣ ምክንያቱም እዚያ ስፔስ የሚመስለው ነገር ቁጥሩ 160 የሆነ ሌላ ምልክት ሊሆን ይችላል። በእኛ ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ «ወልደ ማርያም» የሚጽፍም «ወልደማርያም» የሚጽፍም አለ። ስለዚህ ክፍት ቦታን ጨርሶ አውጥተን ስሙን አንድ ላይ የገጠመ «ቁልፍ» ብናደርገው ይሻላል። ዋናውን ስም አይነኩም፤ ቁልፉ ሌላ ኮለም ላይ ነው።

በምዝገባው ሺት E2 ላይ የነበረውን አጥፍተው፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2&C2,UNICHAR(160),"")," ","")
```

በፈተናው ሺት C2 ላይ፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,UNICHAR(160),"")," ","")
```

ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ረድፍ ይጎትቱ። ከዚያ በምዝገባው F2 ላይ፦

```
=COUNTIF('ፈተና'!$C$2:$C$59,E2)
```

አሁን የግድ የሚያስፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። በተቃራኒውም ይፈልጉ። በፈተናው ሺት D2 ላይ፦

```
=COUNTIF('ምዝገባ'!$E$2:$E$63,C2)
```

ይህኛው «ተፈትኗል፣ ግን ምዝገባ ላይ የለም» የሚለውን ያሳያል። የሁለቱንም የዜሮ ብዛት ይላኩልኝ።

---

መምህርት ዘ7ለ

መጀመሪያ #NAME? አለኝ። ከዚህ ገጽ ወደ ቴሌግራም ልኬው ከዚያ ነበር የገለበጥኩት። በእጄ ስጽፈው ሠራ።

ብርቱካን ተገኘች! LEN 10 ነበር ያለው። አሁን ምዝገባው ላይ ዜሮ ያላቸው 12 ናቸው፤ ፈተናው ላይ ዜሮ ያላቸው 7።

---

የሲልቨር ስፕሪንግ ወላጅ

ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። እኛ እዚህ ሜሪላንድ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አለን፣ ዝርዝሩ በላቲን ፊደል ነው። አንዱ ወላጅ ሀናን በአንድ ኤን ይጽፋል፣ ሌላው በሁለት ኤን መጨረሻ ላይ ኤች ጨምሮ። ተስፋዬም እንደዚሁ አምስት ዓይነት ነው። በየወሩ ማን ስንት ቀን እንደቀረ መደመር እንፈልጋለን። ይሄ ፎርሙላ ይሠራልናል?

---

ኢዮብ አይቲ

የእናንተ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የወር ድምር ሁለት ዝርዝር ማነጻጸር አይደለም። ግን የሁለቱም ሥር አንድ ነው፦ በስም መፈለግ። በላቲን የተጻፈ የአበሻ ስም ላይ ፎርሙላ አያዋጣም። ለእያንዳንዱ ልጅ ቁጥር ስጡት፣ መምህሩ በየሳምንቱ ቁጥሩን ብቻ ይጻፍ። ቁጥሩን ስትጽፉ ተጠንቀቁ፤ አንዱ ሺት ላይ 12፣ ሌላው ላይ እንደ ጽሑፍ 0012 ከሆነ COUNTIF አንድ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ MATCH እና VLOOKUP ግን አላገኘሁትም ይላሉ።

ለመምህርት፦ የፎርሙላውን የጥቅስ ምልክት ቴሌግራም አጣሞት ነው። ኤክሴል የሚያውቀው ቀጥ ያለውን " ብቻ ነው፤ #NAME? ሲል መጀመሪያ እሱን እዩ።

---

ጋሽ ሰንጠረዥ

አሁን ቁጥሮቹ መናገር ጀመሩ። 12 እና 7 ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚሉት ይህ ነው፦ በፈተናው ላይ ባለቤት ያጡ 7 ስሞች አሉ፤ አብዛኞቹ ከ12ቱ «ቀሪዎች» ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፣ በሌላ ፊደል የተጻፉ። ፊልተር ከፍተው ሁለቱንም ዜሮዎች ብቻ ያሳዩና ይለጥፉልን። የልጆቹን ሙሉ ስም እዚህ ማውጣት ካልፈለጉ የአባት ስሙን ይተዉት።

---

መምህርት ዘ7ለ

የልጆቹን ትክክለኛ ስም አልጽፍም፤ ችግሩን በሚያሳይ ተመሳሳይ ስም ቀይሬዋለሁ። ምዝገባው ላይ ኃይለሚካኤል ያለው ፈተናው ላይ ሀይለሚካኤል ነው። ፀሐይ ጸሀይ ሆናለች። ዓለምነሽ አለምነሽ። ገብረሥላሴ ካሳ፣ ገ/ስላሴ ካሳ ተብሏል። ሠናይት ወልደማርያም፣ ሰናይት ወ/ማርያም። ኤልሳቤጥ፣ ኤልሳቤት። ሰባተኛው ስም ግን ከ7ኛ ሀ የመጣ ልጅ ይመስለኛል፤ የእኔ ተማሪ አይደለም።

ከ12ቱ ስድስቱ እነዚህ ናቸው። የተቀሩት ስድስት ስሞች ፈተናው ላይ ምንም የሚመስላቸው የለም። ከነሱ አንዷ ሐና ተስፋዬ ናት።

---

ጋሽ ሰንጠረዥ

እንግዲህ የማይገጥመው ነገር ታወቀ። ኤክሴል ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዓ ለጆሮ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ለሱ ብርቱካንና ሎሚ ናቸው።

ለስድስት ስም ሲባል በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን ሌሎች ሴክሽኖችንም የሚሠሩ ከሆነ ቁልፉን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ይሻላል። በፎርሙላ ሲሆን SUBSTITUTE እየተደራረበ ማንበብ ያቅታል፤ Ctrl+H ይቀላል። ቅደም ተከተሉን ግን ይጠብቁ።

መጀመሪያ የምዝገባውን E ኮለም ይምረጡ፣ Ctrl+C፣ ከዚያ እዚያው ላይ Paste Special ገብተው Values ይበሉ። የፈተናውን C ኮለምም እንደዚሁ። ይህን ካልዘለሉ ነው የሚሠራው፤ ሴሉ ውስጥ ያለው ፎርሙላ ከሆነ Ctrl+H የሚፈልገው በፎርሙላው ጽሑፍ ውስጥ እንጂ በሚታየው ስም ውስጥ ስላልሆነ «አላገኘሁም» ብሎ ይመልስዎታል።

ቀጥሎ የቁልፉን ኮለም እንደተመረጠ ይተዉትና Ctrl+H ከፍተው አንድ በአንድ Replace All ይበሉ። ሐ፣ ሃ፣ ኃ፣ ኀ እና ሓ ወደ ሀ። ሕ እና ኅ ወደ ህ። ሠ ወደ ሰ፣ ሥ ወደ ስ፣ ሣ ወደ ሳ። ዓ እና ዐ ወደ አ፣ ዕ ወደ እ። ፀ ወደ ጸ፣ ፅ ወደ ጽ። ሌላው ካዕብና ሣልስ በስም ላይ ብዙ አይገጥምም፤ ካያችሁት ግን ጨምሩ። ኮለሙ ካልተመረጠ ለውጡ ዋናዎቹን ስሞችም ይነካል፤ ያ ደግሞ የትራንስክሪፕት ጣጣ ነው።

ለሕዝባሩ ምልክት «ገ/» ወደ «ገብረ»፣ «ኃ/» ደግሞ ከላይ ወደ «ሀ/» ስለተቀየረ «ሀ/» ወደ «ሀይለ»። «ወ/» ላይ ግን Replace All አይጠቀሙ፤ Find Next እያሉ ይዩት። ወልደ ሊሆን ይችላል፣ ለሴት ልጅ ወለተ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ፈታኝ ደግሞ ወ/ት ብሎ ከስም ፊት ይጽፋል።

ኤልሳቤጥና ኤልሳቤት በዚህ አይገናኙም። እሷን በዓይን ነው።

---

መምህርት ዘ7ለ

ደረጃ በደረጃ ሄድኩበት። ፊደሎቹን ስቀይር 12ቱ 8 ሆኑ፤ ገ/ እና ወ/ን ሳስተካክል 6፤ ኤልሳቤጥን በእጅ ሳርም 5። ፈተናው ላይ የቀረው ዜሮ አንድ ብቻ ነው፣ ያ የ7ኛ ሀ ልጅ።

ስለዚህ አራት ሳይሆን አምስት ነው የቀሩት? 58ቱ ውስጥ አንዱ የእኔ ስላልሆነ 57 ተፈተኑ፣ 62 ሲቀነስ 57 አምስት። ገጠመ!

---

ኢዮብ አይቲ

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሐና ተስፋዬ ቅድም «የሚመስላት የለም» ተብላ ነበር፤ አሁን ከዜሮዎቹ ወጥታለች። ከማን ጋር ነው የገጠመችው?

ምዝገባው ላይ G2 ላይ ይህን ሞክሩ፣ ከ1 በላይ የሚያወጣ ካለ ንገሩን፦

```
=COUNTIF($E$2:$E$63,E2)
```

ፈተናው ላይም E2 ላይ `=COUNTIF($C$2:$C$59,C2)`።

---

መምህርት ዘ7ለ

ውይ። ምዝገባው ላይ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ሀና ተስፋዬ ሌላዋ ሐና ተስፋዬ፣ የአያት ስማቸው ይለያያል፣ ሁለት የተለያዩ ልጆች ናቸው። ፈተናው ላይ «ሀና ተስፋዬ» ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ረድፍ 21 እና ረድፍ 47።

---

ዳዊት ዘሰሚት

ታዲያ ፈታኙ ሁለቴ ጽፏታል ማለት ነው። አንዱን አጥፊው፣ ሐና ቀርታለች፣ ስድስት አድርጊው።

---

ጋሽ ሰንጠረዥ

ማጥፋት አይገባም ዳዊት። ከሺቱ ብቻ ተነስቶ ይህንን መወሰን አይቻልም። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ሁለቱም ልጆች ተፈትነው ፈታኙ ሁለቱንም በሀ ጽፏቸዋል፤ ወይም አንዷ ብቻ ተፈትና ስሟ ሁለቴ ተመዝግቧል። በመጀመሪያው ቀሪዎቹ 5 ናቸው፣ በሁለተኛው 6። ቁጥሩ መግጠሙ እዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ 57 የምንለው ሁለቱን ረድፎች ሁለት ሰው ብለን ስለቆጠርን ነው።

ኢዮብ ያነሳው ነገር የፊደል መቀየሩ ዋጋ ነው። ሀናና ሐናን የሚለያቸው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነበር፣ እሱን እኛው አንድ አደረግነው። ስለዚህ ከCtrl+H በኋላ የG ኮለም ቼክ አይቀርም፤ 2 ያወጣ ስም ሁሉ በዓይን ይታያል። የፈተናው ዝርዝር የአያት ስም ቢኖረው ቁልፉን B2&C2&D2 አድርገን ባለፍነው ነበር።

መምህርት፣ የመልስ ወረቀቶቹን ይቁጠሩ። የ7ኛ ሀውን ልጅ ወረቀት ጨምሮ 58 ከሆነና የሀናዎቹ ሁለት ከሆነ አምስት ነው። 57 ወረቀት ካለና የሀና አንድ ብቻ ከሆነ ስድስት ነው፤ የትኛዋ እንደሆነችም የእጅ ጽሑፉ ይነግርዎታል።

---

መምህርት ዘ7ለ

ወረቀቱ ለእርማት ሌላ መምህር ጋ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ነው የማገኘው። ለዩኒት ሊደሯ አምስቱን ስም አስገብቼ ሐና ላይ «በማጣራት ላይ» ብዬ እጽፋለሁ።

---

ትንሣኤ

እኔ ጋ ደግሞ ይሄን ሁሉ አድርጌ 48ቱም ልጆች ዜሮ ናቸው። አንድም አልተገናኘም። ስሞቹ በሁለቱም ላይ በግልጽ አማርኛ ናቸው።

---

ኢዮብ አይቲ

ትንሣኤ፣ አንዱን ስም ተጭነህ ከላይ ፎርሙላ የሚጻፍበት መስመር ላይ ተመልከት። ሴሉ ውስጥ አማርኛ ሆኖ እዚያ የተምታታ የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ ዝርዝሩ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ፎንቱ አማርኛ ያስመስለዋል እንጂ ውስጡ ላቲን ነው፤ በዩኒኮድ ከተጻፈ ስም ጋር መቼም አይገጥምም፣ Ctrl+Hም አያድነውም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ያስፈልግሃል፣ ወይም 48 ስም ብቻ ስለሆነ እንደገና መተየብ ሊፈጥን ይችላል። የፎንቱ ስም ምን ይላል?

---

ትንሣኤ

አዎ ልክ ነህ፣ ላይ ላቲን ነው። ፎንቱን ነገ ቢሮ ገብቼ አይቼ እጽፋለሁ።